ሐሙስ ያልረጋው ወተት

የባሌ እናት፣ እማማ፣ ወተት እስኪረጋ ድረስ ሰው እንዲያወራ አይፈልጉም። እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልችልበትም። ስለዚህ እዚህ ቤት ካገባሁ ወዲህ ከአይብ ክፍሉ ስንት ጊዜ እንደተባረርኩ ቆጥሬ አልዘልቀውም። እሳቸው ነጭ ሽርጣቸውን ታጥቀው ገንዳው አጠገብ ይቆማሉ። ወተቱን ስድሳ ሦስት ዲግሪ ላይ ግማሽ ሰዓት ያቆዩታል፣ ያበርዱታል፣ እርሾውን ይጨምራሉ፤ ቀጥሎ በውሃ የተበጠበጠ ካልሲየም፣ መጨረሻ ላይ ወተት የሚያረጋውን ሬኔት። አርባ ደቂቃ ጠብቀው ቢላቸውን ሰክተው ቀና ያደርጉታል። የረጋው ወተት ቀጥ ብሎ ከተሰነጠቀና ስንጥቁ ውስጥ ጥርት ያለ አጓት ከታየ፣ «ተመስገን» ይላሉ። ያን ጊዜ እኔም መናገር ይፈቀድልኛል።

ሙያውን ያገኙት ወተት ፋብሪካ ውስጥ በጽዳት ሠራተኛነት ነው። ላብራቶሪውን ሲወለውሉ ባለሙያውን በጥያቄ ያጣድፉት ነበር። ሰውየው አንድ ቀን ምርር ብሎት፣ «ወይ አንቺ መወልወያውን አስቀምጪ፣ ወይ እኔ ልያዘው!» አለ ይባላል። አስቀመጡት። ከሰውየው ተምረው ጓሯቸው ውስጥ ይህችን ክፍል ሠርተው ሥራ ከጀመሩ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። ባላቸው አባባ የአውቶቡስ ሾፌር ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ወተቱን ከሁለት ቤት በመኪና የሚያመጡት እሳቸው ናቸው። አንዱን አርባ ሊትር ቢዶን ከገበሬው፣ ሌላውን መኪና ከማይገባበት ቅያስ ውስጥ ካሉት ባለ ላሟ ሴትዮ፣ በትከሻቸው ተሸክመው። ግቢ ሲደርሱ ቢዶኖቹን ባሌና እኔ እናወርዳለን።

ሰኞ ዕለት ወተቱ እምቢ አለ። እማማ ቢላቸውን ሰኩ፤ ቢላው ወተት ለብሶ ወጣ። ሌላ ግማሽ ሰዓት ጠበቁ። ገንዳው ውስጥ እንደ አጥሚት የሚወላወል ነገር እንጂ አይብ የሚሆን አልነበረም።

«ካልሲየሙን ረስቼዋለሁ» አሉ ቀስ ብለው።

«ኧረ ምን ሲደረግ!» አልኩ።

«ረስቼዋለሁ። ድሮም አንዴ የረሳሁ ጊዜ እንዲሁ ነው የላላብኝ። ወተት ሞቆ ሲቀዘቅዝ ካልሲየሙ ይጎድላል። ሬኔቱ ሥራውን ቢሠራም፣ ካልሲየም ካነሰ እርስ በርስ የሚያያይዘው የለም።»

ካልሲየሙ አላስጨነቀኝም፤ ያስጨነቀኝ ድምፃቸው ነው። የእሳቸው እናት በመጨረሻ ዘመናቸው የልጆቻቸው ስም ሳይቀር ጠፍቶባቸው ነበር። እማማ ስለዚህ ነገር አውርተው አያውቁም፤ ግን ምጣድ ላይ የጣዱትን ሲረሱ ፊታቸው ሲለዋወጥ አይቻለሁ። ፈርተዋል። ያን ቀን ወተቱን አሞቁት፣ ሎሚ ጨመቁበት፣ ልል አይብ ወጣው። በሎሚና በእሳት የማይቋጠር ወተት የለም ይላሉ። ልሉን አይብ ሸጥነው። እሳቸው ግን ምሳ አልበሉም።

ማክሰኞና ረቡዕ ወተቱ እንደ ልማዱ ረጋ። ሐሙስ አስጠሩኝ።

«ነይ ቁጪ በዪ። አፍሽን ዝጊና ዓይንሽን ክፈቺ። የማደርገውን ሁሉ ቁጠሪልኝ።»

ቆጠርኩ። ካልሲየሙ ገብቷል፤ ሬኔቱም ገብቷል፤ አንድም ነገር አልተዘለለም። አርባ ደቂቃ ሞላ። ቢላው ወተት ለብሶ ወጣ።

እማማ ሽርጣቸውን ፈቱ። የክፍሉን ቁልፍ ከአንገታቸው አውልቀው መዳፌ ላይ አስቀመጡት። «እጄ ከድቶኛል። ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ሥሪው። እኔ ብኖርም ከዳር ሆኜ ነው።»

እኔ ቁልፍ አልፈለግኩም፤ አልቅሼም ተቆጥቼም ነበር። «የቆጠርኩት እኔ አይደለሁም እንዴ?» አልኩ። «ካልሲየሙን በዓይኔ አይቻለሁ። ምነው ሁሉን ጥፋት በራስዎ ላይ ይከምራሉ? ወተቱስ ንጹሕ ነው ያለዎት ማን ነው?»

«እስቲ እንየው» አሉ። ከዚያ ወደ ማቀዝቀዣው ሄዱ። እማማ ከየቢዶኑ ሳይሞቅ በፊት አንዳንድ ማሰሮ ቀድተው እስከ ማግስቱ የማቆየት ልማድ አላቸው። ከገበሬው አንድ ብርጭቆ፣ ከባለ ላሟ ሴትዮ ሁለት ብርጭቆ ቀድተው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቆሙ። ከሴትዮዋ አንዱ ላይ ካልሲየም ጨመሩ። ሦስቱም ላይ ሬኔት ጠብ አደረጉ።

አስር ደቂቃ አልሞላም፣ የገበሬው ብርጭቆ ሲዘቀዘቅ እንኳ ፍንክች አላለም። የሴትዮዋ ሁለቱም ወተት እንደሆኑ ቀሩ። ካልሲየም የገባበትም!

እማማ ተቀመጡ። ከሴትዮዋ ማሰሮ ቀመሱ። «የፈላ የፈላ ይላል። ተመልከቺ፣ ላዩ ላይ ቅባት የሚባል አልወጣም።» ፊታቸው እንዴት እንደፈካ! «ልጄ፣ የካርቶን ወተት ነው ይሄ። ለወራት እንዲቆይ ከመቶ ሠላሳ ዲግሪ በላይ አሙቀውታል። እንዲህ ሲግል የአጓቱ ፕሮቲን አይብ በሚሆነው ላይ ሄዶ ይለጠፋል። ሬኔቱ የሚቆርጥበትን ቦታ ይሸፍንበታል። ቢቆርጥም አይያያዝም። የጎደለው ካልሲየም ብቻ ቢሆን ኖሮ ጨምሬበት ነበር። ይሄን ግን ካልሲየም አያድነውም።»

«እጅዎ አልከዳዎትማ!»

«አልከዳኝም!» አቅፈው ሳሙኝ። ወዲያው ግን ቅንድባቸው ተሰበሰበ። «ይቺ ሴትዮ! አስራ አራት ዓመት ያመንኳት! ከነገ ጀምሮ ወተቷ እዚህ ደጅ አይደርስም።»

አባባ በር ላይ ቆመው ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ አላውቅም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንዲሉ፣ ሳምንቱን ሙሉ «ምን ገጠማችሁ?» እያሉ ሲጠይቁን የከረሙ ሰውዬ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ያሽከረክራሉ።

«ሴትዮዋን ተያት» አሉ። «እኔ ነኝ።»

«ምኑን ነው አንተ?»

«ቢዶኑ ቅያሱ ውስጥ ወደቀብኝና ወተቱ ተደፋ። ሰኞም፣ ዛሬም። ትከሻዬ ላይ ኃይል የለኝም። ባዶ ይዤ ከምመጣ ብዬ ከሱቅ አርባ አርባ ባለ አንድ ሊትር ካርቶን ገዝቼ እየቀደድኩ ሞላሁት። ወተት መቼስ ወተት ነው ብዬ።»

«ሰኞ ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ፣ ‹በቃ አርጅተሃል፣ ቤት ተቀመጥ› ልትዪኝ ነው። ቤት ተቀምጬ ምን ላደርግ?»

እማማ ወደ ባላቸው ዞሩ። ይጮሃሉ ብዬ ጠበቅኩ። ሳይጮሁ ሳቅ መጣባቸው። የፈቱትን ሽርጥ አፋቸው ላይ አድርገው እስኪያነቡ ሳቁ። አባባ ግራ ተጋብተው እኔን አዩ።

«እኔኮ» አሉ እማማ ዓይናቸውን እየጠራረጉ፣ «አራት ቀን ሙሉ እንደ እናቴ ልሆን ነው እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። አንተ ደግሞ መኪና ውስጥ ካርቶን ትቀድዳለህ!»

ቁልፉን መልሼ ሰጠኋቸው። ተቀበሉኝና አንገታቸው ላይ አሰሩት። ስለ አባባ ትከሻ በዚያን ቀን አንድም ቃል አልተነፈሱም፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ማለት ቻልኩበት።

በማግስቱ ጠዋት እማማ ከገበያ አራት አዳዲስ ቢዶን አስጭነው መጡ፤ እያንዳንዳቸው ሃያ ሊትር የሚይዙ። ትልልቆቹን ጓሮ ወስደው ከፍተው አስቀመጧቸው።

«እነዚያ አንገታቸው ጠባብ ነው፣ እጅ አያስገቡም» አሉ አባባ በሚሰሙት ድምፅ። «እነዚህ ለማጠብ ይመቻሉ።»

አባባ አንዱን ትንሽ ቢዶን በአንድ እጃቸው አነሱት፣ ወደ ላይ ወደ ታች አሉት፣ አስቀመጡት። ሚስታቸውን ቀና ብለው አዩ።

«እውነትሽን ነው» አሉ። «ለማጠብ ይመቻሉ።»

ባርኔጣቸውን ደፍተው ወተት ሊያመጡ ወጡ። ቢዶን የማጥበው እኔ ነኝ። ሁለት የነበረው አራት ሆኖብኛል፣ አንገታቸውም ቢሆን ከድሮዎቹ የባሰ ጠባብ ነው። ለማንም አልተናገርኩም።