«ዝግ» ማለት ምን ማለት ነው?

ጁዋይሪያ ጠያቂ ሆና ነው የተፈጠረችው። አባቷ ዛሂድ ከወሎ መጥቶ መቀሌ ገበያ ጨርቅ የሚነግድ ሰው ነው። ልጅቷ ሱቁ ውስጥ ቁጭ ብላ፣ ደንበኛ ፊት፣ «አባ፣ ይሄኛው ሲታጠብ ቀለሙ ይለቃል እንዴ?» እያለች ስንት ገበያ አበላሽታበታለች። እሱ ግን አይቆጣትም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይልና ጣቱን አርሶ ጨርቁን ያሻል፤ ቀለም ከለቀቀም ለደንበኛው ያሳየዋል።

ይህቺ ጠያቂ አሁን የኤሌክትሪክ ምህንድስና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። ጦርነቱ ዩኒቨርሲቲውን ዘግቶ ስለነበር እድሜዋ ገፍቷል፤ ሌላ ዓመት መድገም ለእሷ ሞት ነው። የቀራት አንድ የቡድን ሥራ ብቻ ነበር። መምህር ጎይቶም ታዲያ ገና ሲጀመር አስጠንቅቀዋል። ሥራው በቀኑ ካላለቀ ማንም አያልፍም፤ ነጥብ የሚሰጠው ደግሞ ለቡድኑ ሳይሆን ለእያንዳንዱ ሰው ነው፤ እያንዳንዱ ተነስቶ «የእኔ ድርሻ ይሄ ነው» ብሎ ማሳየት አለበት።

ቡድኑ ሦስት ሰው ነው። ሊሠሩ ያሰቡትን ነገር መቀሌ የኖረ ሁሉ ይረዳዋል። ውሃ በተራ ነው የሚመጣው፤ ሲመጣ በርሜል ይሞላና በሞተር ወደ ጣሪያው ሮቶ ይሳባል። ሞተሩን የሚጠብቅ ሰው አንድ አፍታ ወሬ ከያዘው ውሃው በጣሪያው ላይ ሲወርድ ሰፈሩ ሁሉ ያያል። እነሱ የሚሠሩት ሮቶው ሲጎድል ሞተሩን በራሱ የሚያስነሳ፣ ሲሞላ በራሱ የሚያቆም መሣሪያ ነው።

ክፍፍሉን ያመጣው ሓፍቶም ነበር። ሓፍቶም ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጥ ምሳ የሚረሳ ልጅ ነው።

«ሶፍትዌሩ የኔ» አለ። «ሃርድዌሩ የፍሬወይኒ። ጁዋይሪያ ደግሞ ፍተሻ።»

«ፍተሻ ምን ልሠራ ነው?»

«እኛ ስንጨርስ ትፈትሺያለሽ። እስከዚያ እረፊ፣ ሓፍተይ፣ እህቴ።»

ፍሬወይኒ ሳቀች። «እንደ በር ጥበቃ ማለቱ ነው። ቦርሳችንን ከፍተሽ ታሳልፊናለሽ።»

ጁዋይሪያም አብራ ሳቀች፤ ግን ቅር አላት። ሦስት ሰው ሥራ ሲካፈል ለእሷ የደረሳት የሥራው ጥላ ሆነባት። መምህሩ ፊት ቆማ ምን ልታሳይ ነው? ፍሬወይኒ ሳጥኗን ታሳያለች፣ ሓፍቶም ፕሮግራሙን ያሳያል፣ እሷ ባዶ እጇን?

ያም ሆኖ ሰው ተፈጥሮውን አይተውም። ማረፉ አልሆነላትም። አንድ ቀን ሓድነት ሰፈር፣ ፍሬወይኒ ወደምትሠራበት የአጎቷ የብረት ሥራ ቤት ሄዳ አጠገቧ ቁጭ አለች። ፍሬወይኒ ገመድ ላይ የተንጠለጠለች ተንሳፋፊ ኳስ አሳየቻት። በኳሷ ሆድ ውስጥ ማብሪያ አለ። ኳሷ ወደ ታች ስትንጠለጠል ኤሌክትሪክ ማለፉን የሚያሳየው የፍሬወይኒ መለኪያ ጢ... ይላል፤ ወደ ላይ ስትነሳ ዝም ይላል። ደጋግማ ሞከረችው፤ አንዴም አልሳተም።

ከዚያ ሓፍቶም ዘንድ ሄደች። እሱም ጠረጴዛው ላይ በኳሷ ፋንታ ቁልፍ፣ በሞተሩ ፋንታ ትንሽ አምፖል ሰክቷል። ቁልፉን ሲጫን አምፖሉ ይጠፋል፤ ሲለቅ ይበራል። ይሄም አንዴም አልሳተም።

በማግስቱ ሁለቱን አብረው ስታገኛቸው «እንግዲህ አንድ ላይ እንየው» አለች።

«ገና ነው» አለ ሓፍቶም። «የምናገናኘው በመጨረሻው ሳምንት ነው።»

«ያኔ ባይሠራስ?»

«የሱ ይሠራል፣ የኔ ይሠራል። ሁለቱ ሲገናኙ ለምን አይሠራም?» አለች ፍሬወይኒ።

ጥያቄው ግን ጁዋይሪያን አልለቀቃትም። ጨቀጨቀቻቸው። ግማሹንም ቢሆን አምጡት፣ ካላማረም ሳያምር አምጡት አለች። በመጨረሻ ከጭቅጭቁ ለመገላገል ሲሉ እሺ አሏት።

በዚያው በብረት ሥራ ቤቱ አንድ ባልዲ ውሃ ከታች፣ አንድ ሳፋ ጠረጴዛ ላይ ተደረገ። ትንሿ ሞተር ባልዲው ውስጥ ገባች፤ ኳሷ ሳፋው ውስጥ ተንጠለጠለች። ሳፋው ባዶ ነው፤ ሞተሯ ግን ዝም። ጁዋይሪያ ኳሷን በእጇ ወደ ላይ አነሳቻት። ሞተሯ ያኔ ተነሳች፣ ሳፋው ሞላ፣ ገነፈለ፣ የሓፍቶም ጫማ ራሰ።

«ኣንቲ ፍሬወይኒ፣ ሽቦሽ ተገልብጧል» አለ ሓፍቶም።

«የኔ ሽቦ አልተገለበጠም። ፕሮግራምህን እይ፣ ኣታ።»

እሷ ኳሷን አንጠልጥላ መለኪያዋን አወጣች፤ ጢ አለ። እሱ ቁልፉን ተጫነ፤ አምፖሉ ጠፋ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ወለሉ ላይ ግን ውሃ አለ። ጁዋይሪያ ውሃውን እየረገጠች አንዱን ታያለች፣ ሌላውን ታያለች። የሚገርም ነገር ነበር። ሁለት ትክክል ተገናኝተው እንዴት ስህተት ይወልዳሉ?

«መጀመሪያ ስትስማሙ ምን ነበር የተባባላችሁት?» አለች።

«ምን ይኖረዋል?» አለ ሓፍቶም። «ኳሷ ወይ ዝግ ናት ወይ ክፍት። ሁለት ነገር ነው።»

«እሱን ነው ያልኩት፣ ሓቂ» አለች ፍሬወይኒ።

«ዝግ ስትይ ምን ማለትሽ ነው?» አለቻት ጁዋይሪያ።

«ሽቦውና ሽቦው ተገጣጠመ፣ ኤሌክትሪኩ አለፈ ማለት ነዋ። ውሃ ጎድሏል፣ ሞተሩ ይነሳ ነው።»

«አንተስ?»

ሓፍቶም ወደ ሳፋው ጠቆመ። «ዝግ ማለት... ቧንቧ ሲዘጋ። ሮቶው ሞልቷል፣ ውሃው ይቁም።»

ሦስቱም በሳቅ ፈረሱ። የቧንቧ ዝግና የኤሌክትሪክ ዝግ! አንዱ ማቆም፣ አንዱ ማሳለፍ። በአንድ ቃል ተስማምተው በትርጉሙ ተለያይተው ኖረዋል፤ ይህንንም እስከ መጨረሻው ሳምንት ባላወቁት ነበር።

«አንድ መስመር ነው፣ እገለብጠዋለሁ» አለ ሓፍቶም።

«ቆይ» አለች ጁዋይሪያ። «ከሁለቱ የማን ይሻላል? አይጥ ሽቦውን ብትበጥሰውስ?»

ፍሬወይኒ አሰበችና ቀስ ብላ መለሰች። «ከተበጠሰ ኤሌክትሪክ አያልፍም። በኔ አነጋገር ሞተሩ ይቆማል። በሱ ከሄድን ግን ሮቶው አልሞላም ብሎ ሲስብ ይውላል።»

የፍሬወይኒ ጸደቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ዝግ» የሚለው ቃል ከመካከላቸው ተባረረ፤ «ጎድሏል» እና «ሞልቷል» ብቻ ሆነ። ክፍፍሉ ሦስት እንደሆነ ቀረ፤ ፍተሻው ግን መጨረሻ ላይ መሆኑ ቀረ። ፍሬወይኒ አንድ ነገር በገጠመች፣ ሓፍቶም አንድ ነገር በጻፈ ቁጥር ጁዋይሪያ ባልዲዋን ይዛ ትመጣለች። ሓፍቶም በሩ ላይ ሲያያት «ፈታሿ መጣች» እያለ እጁን ወደ ላይ ያነሳል። ሥራው ከቀኑ ቀደም ብሎ አለቀ።

የማቅረቢያው ቀን ፍሬወይኒ ሳጥኗን አሳየች፤ ሓፍቶም ፕሮግራሙን አስረዳ። ከዚያ መምህር ጎይቶም ወደ ጁዋይሪያ ዞሩ።

«ያንቺ ድርሻ የቱ ነው?»

ያ የፈራችው ጥያቄ መጣ። «እኔ... የሠራሁት ዕቃ የለም። ስፈትሽ ነው የቆየሁት።»

«ተበላሽቶ ያውቃል?»

አሁን ምላሷ ተፈታ። ውሃው ሲናወጥ ኳሷ እየዘለለች ሞተሩን አሁንም አሁንም ስታስነሳውና ስታጠፋው እንደነበር፣ የታቹ በርሜል ሲደርቅ ሞተሩ በደረቁ መዞሩን፣ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ መሣሪያው የት እንደነበረ መርሳቱን፣ እያንዳንዱም እንዴት እንደተስተካከለ ነገረቻቸው። ስለ ዝግም ነገረቻቸው። ሓፍቶም አንገቱን ደፍቶ ይስቃል። መናገሯን ስታቆም ጓደኞቿን ያዋረደች መሰላትና ደነገጠች።

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ዛሬ ከናንተ በፊት የገቡትን ቡድኖች ሁሉ ይህንኑ ጠይቄ ነበር። አንዴም አልተበላሸም አሉኝ» አሉ። «እኔም ከቤቴ ጣሪያ ላይ የማንን ሥራ አምኜ እንደምሰቅል አሁን ገባኝ።»