ስምንተኛ ክፍል የጨረሰችው እኔ

መስኮት ፊት ቆሜ መናገር አልችልም። ሱቅ ሄጄ እንኳ ከኋላዬ የመጣ ሰው ቀድሞኝ ገዝቶ ይሄዳል፤ ባለሱቁ «አንቺስ?» እስኪለኝ ቆሜ እጠብቃለሁ። ከስድስተኛ ክፍል የቀረሁትም በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። አባቴ ሸማኔ ነው። ሽሮ ሜዳ ቤታችን ውስጥ በተቆፈረው ጉድጓድ እግሩን አስገብቶ ሲሸምን አደግኩ። ክር የሚያጠነጥንለት ሰው ያስፈልገው ነበር፤ እኔም «ተነሺና ጮክ ብለሽ አንብቢ» ከመባል ክር ማጠንጠኑን እመርጥ ነበር። በዚያን ጊዜ ሁለታችንም የተጎዳን አልመሰለንም።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከሰፈራችን በላይ ያለው ደብር ለሴቶች ልጆች የልብስ ስፌት ስልጠና ከፈተ፤ ገብቼ ተማርኩ። በስፌት መኪና ፊት ማንም ተናገሪ አይልም። እጅ በትክክል ከሄደ በቃ። ስጨርስ የእውቅና ቁጥርና ማኅተም ያለበት ወረቀት ተሰጠኝ፤ አባቴ መስታወት ውስጥ አስገብቶ ከማርያም ሥዕል አጠገብ ሰቀለው። ከዚያ ወዲህ የምሠራው አንዲት ሰፊ ዘንድ ነው። እትዬ ነው የምላት። በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ የሀገር ልብስ ትሰፋለች፤ እኔ ጥልፍና ዘርፉን እሠራለሁ።

ጎረቤታችን የሆነች አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት የሰፈሩን ሰፊዎች አደራጅታ ማኅበር ስታቋቁም እኔንም ቆጠረችኝ። ወረዳው የሥራ ቦታና አዳዲስ የስፌት መኪናዎች ሊሰጣቸው ነበር። እሷ ስትናገር ከመንገዱ ማዶ ይሰማል።

«አንቺ ዝም ብለሽ ስፊ» አለችኝ። «ማውራቱን ለኔ ተይው። እኔ ያንቺንም ድርሻ አወራለሁ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔ ግን ሌሊቱን ሙሉ ያንን ንግግሯን ሳስብ አደርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር የሰጠኝ ሰው አልነበረም። ጣሪያ ያለው ቤት፣ የራሴ መኪና፣ ስለ እኔ የሚናገርልኝ ሰው።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶ ነበር። የሥራ ቦታውን ቁልፍ ከመረከባችን በፊት እያንዳንዷ አባል በልብስ ስፌት ደረጃ አንድ ተመዝና የብቃት ማረጋገጫ ማምጣት አለባት ተባለ። ሌሎቹ አንዳንዶቹ ነበራቸው፤ የቀሩትም ለምዘናው ተመዘገቡ። እኔ የደብሩ ስልጠና ለምዘናው መግቢያ ይሆን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ልጠይቅ ወደ ምዘና መሥሪያ ቤቱ ሄድኩ። የመረጃ መስኮቱ ጋ ደርሼ ቆምኩ። ሰዎች በትከሻዬ በኩል ወረቀታቸውን እያቀበሉ ጠየቁ፣ መልስ አገኙ፣ ሄዱ። የምሳ ሰዓት ደረሰና መስኮቱ ተዘጋ። በሌላ ቀንም ሄድኩ፤ ያው ሆነ። ስመለስ ግን ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ በስልኬ አነሳሁት። ጥያቄ ያለው ሰው በኢሜይል መጠየቅ ይችላል ይላል። ያን ሳነብ ለእኔ ተብሎ የተጻፈ መሰለኝ።

ኢሜይል አልነበረኝም። ታክሲ መያዣው አጠገብ ያለው ኮፒ ቤት የምትሠራው ጸሐፊ ግን ለሁሉም ሰው ትጽፋለች፤ በቤቱ አድራሻ ትልካለች፣ መልስ ሲመጣም ትጠራለች። በሰፈራችን ኢሜይል እንዲህ ነው የሚላከው። ከኋላዬ ወረፋ ነበር። የሥራ ማመልከቻ፣ የውክልና ወረቀት፣ መታወቂያ ኮፒ። በጆሮዋ አጠገብ ጎንበስ ብዬ ነገርኳት፤ ስድስተኛ ክፍል እንዳቆምኩ፣ ስልጠናውን የት እንደወሰድኩ፣ የምፈልገውም ይህ ለደረጃ አንድ ምዘና ይበቃል ወይ ብሎ መጠየቅ እንደሆነ። ማስቲካዋን እያኘከች «አውቀዋለሁ፣ ለዚህ መሥሪያ ቤት ስንቱን ጽፌአለሁ» አለችኝ። ጣቶቿ እንደ ዝናብ ወረዱ። ስሜንና ስልኬን ጠየቀችኝ።

«ታነቢዋለሽ ወይስ ልላከው?»

ከኋላዬ አንድ ሰውዬ ሰልችቶት በረጅሙ ተነፈሰ። ላኪው አልኳት።

መልሱ የመጣው በሳምንቱ ይመስለኛል። ከእትዬ ጋር ተቀምጬ ዘርፍ ስሠራ ጸሐፊዋ ከመንገዱ ማዶ በስሜ ጠርታ «ያሟላል ብለውሻል!» አለችኝ። መንገዱ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ወረቀት ለመቆጠብ የመልሱን ራስ ብቻ ነበር ያተመችልኝ፤ አራት መስመር ገደማ። የጠቀሱት የትምህርት ደረጃና የወሰዱት ስልጠና ለደረጃ አንድ ምዘና የተቀመጠውን የመግቢያ መስፈርት ያሟላሉ፤ ዋናውን ማስረጃ ከኮፒ ጋር ይዘው በዚህ ዙር ይመዝገቡ ይላል። የጠቀስኩት ደረጃ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ስለዚህ ስድስተኛ ይበቃል ማለት ነው ብዬ አመንኩ። አባቴ ማታ ወረቀቱን ብርሃን ላይ አድርጎ አየው። ማንበብ አይችልም፤ ግን ለረጅም ጊዜ ያዘው።

«ከትምህርት ያስቀረሁሽ እኔ ነኝ እያልኩ ስጨነቅ ነበር» አለ። «ይኸው መንግሥት ይበቃል አለ።»

መስታወቱን ከግድግዳው አውርዶ፣ የስልጠና ወረቀቴን ከውስጡ አውጥቶ፣ በንጹሕ ነጠላ ጠቅልሎ ሰጠኝ።

በምዝገባው መስኮት የነበረችው ሠራተኛ ክፉ አልነበረችም። ይህን ደጋግሜ ለራሴ እነግረዋለሁ። የስልጠናውን ማስረጃ አየች፣ የእውቅና ቁጥሩን ከኮምፒውተሯ ጋር አመሳከረች፣ ትክክል ነው አለች። ቀጥላ የስምንተኛ ክፍል ካርዴን ጠየቀችኝ። የታተመውን መልስ አቀበልኳት። አነበበችው፤ ኢሜይሉን ፈልጋ ከፈተችና የኮምፒውተሩን ፊት ወደ እኔ አዞረችው።

ከመልሱ በታች የእኔ ጥያቄ ነበር። ሰላምታው ያምራል። ከዚያም «የስምንተኛ ክፍል ትምህርቴን በጥሩ ውጤት አጠናቅቄ» ይላል። ስልጠናው የእኔ ነው፣ ደብሩ የእኔ ነው፣ ከግርጌ ያለው ስምና ስልክ የእኔ ነው። ያች ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች ልጅ ግን እኔ አይደለሁም።

«እኛ የመለስነው ለዚህ ነው፣ እህቴ» አለችኝ። «ስንተኛ ክፍል ነሽ?»

ነገርኳት። አልሰማችኝም። ጆሮዋን ወደ መስኮቱ ቀዳዳ አስጠጋች፤ እንደገና ነገርኳት፤ አሁንም አልሰማችም። በሦስተኛው ድምፄ ሳላስበው ከፍ ብሎ ወጣ።

«ስድስት!»

ከኋላዬ ካለው ወረፋ አንድ ልጅ ሳቀ፣ ሌላው «ተው» አለው። ያ «ተው» የባሰ ጎዳኝ።

ሠራተኛዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አስረዳችኝ። በስልጠና ለሚመጣ ሰው ስምንተኛ ክፍል መጨረስ ግድ ነው። በሥራ ልምድ መመዘን ለሚፈልግ ግን የክፍል ጉዳይ አይጠየቅም፤ ንግድ ፈቃድ ካለው አሠሪ በማኅተም የተረጋገጠ የሥራ ልምድ ማስረጃ ይበቃል። «የምትሠሪበት ቤት ፈቃድ አለው?» አለችኝ። አለው እንድል በዓይኗ የምትለምነኝ ይመስል ነበር። ኢሜይሉን የጻፍኩት እኔ እንዳልሆንኩ ልነግራት ፈለግሁ። ግን ወረቀቴን በነጠላው ጠቅልዬ ወጣሁ።

እትዬ ሁሉንም ሰማችኝ። ለእሷ ብቻ መናገር እችላለሁ፤ ሁለታችንም ዓይናችን ጨርቅ ላይ ስለሆነ ይሆናል። መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካችው።

«ፈቃድ ቢኖረኝ ሰው በረንዳ ላይ እቀመጥ ነበር ወይ ልጄ?» አለች።

በዚያ ቀን ከምሳዋ ግማሹን አቀረበችልኝ፤ ሁለታችንም አልበላነውም።

ኮፒ ቤቱ ጋ የሄድኩት ልጣላ አልነበረም፤ መጣላት አላውቅበትም። ጸሐፊዋ ነገሩን ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች፣ ፊቴን ስታይ ተወችው። ለዚያ መሥሪያ ቤት የምትጽፈው አንድ ጽሑፍ አላት። መጀመሪያ የጻፈችው ለአንድ ስምንተኛ ክፍል ለጨረሰ ልጅ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስሙን፣ ስልኩንና ስልጠናውን እየቀየረች ለሁሉም ትልካለች። ለማንም ችግር አምጥቶ አያውቅም ነበር፤ ሌሎቹ ሁሉ ስምንተኛን ያለፉ ናቸው።

«ስድስት ማለትሽን ሰምቻለሁ እኮ» አለችኝ። «ጽሑፉ ውስጥ ስምንተኛ የሚል እንዳለ ረሳሁት። ለምን አንዴ አላየሽውም፣ የኔ እናት?»

ወረቀትም የሚሠራ ሰው እንደምታውቅ ቀስ ብላ ነገረችኝ፤ የስምንተኛ ካርድ በሁለት ቀን። አልፈልግም ብዬ አንገቴን ነቀነቅሁ። ቅር ሳይላት ወንበሯን ለቀቀችልኝና «እንግዲያው ራስሽ ጻፊው፣ አላስከፍልሽም» አለች።

በአንድ ጣት ጻፍኩ። ስድስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፤ ባለፈው የተላከው ስህተት ነው፤ አሠሪዬ ፈቃድ የላትም፤ ለእኔ የሚሆን ሌላ መንገድ አለ ወይ አልኩ። ፊደሎቹን ስፈልግ ወረፋው ከኋላዬ ረዘመ። በዚህ ጊዜ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩት።

መልስ ሳይመጣ የዙሩ ምዝገባ ተዘጋ። የማኅበሩ ስም ዝርዝር ወደ ወረዳ መግባት ነበረበት፤ ጎረቤታችን እቤታችን መጥታ አባቴን ነው ያናገረችው። ያን ቀን ድምፅዋ ከበር አልወጣም። በእኔ ቦታ ሌላ ሴት ገባች።

መልሱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጸሐፊዋ ከመንገድ ማዶ አልጠራችኝም፤ በረንዳው ድረስ መጥታ ስልኳን እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ስለ ትክክለኛ መረጃዎ እናመሰግናለን ይላል። የጠቀሱት የትምህርት ደረጃ ለደረጃ አንድ ምዘና የተቀመጠውን መስፈርት አያሟላም። በሥራ ልምድ ለመመዘን ሕጋዊ ፈቃድ ካለው አሠሪ ማስረጃ ማቅረብ ይጠበቅብዎታል። መጨረሻው ላይ በማታ ትምህርት ስምንተኛን ሲያጠናቅቁ ይመለሱ ብለዋል። ማታ ክፍል ውስጥ፣ ከማላውቃቸው ሰዎች መሀል፣ ተነሺና አንብቢ ስባል ታየኝ።

ስልኩን መለስኩላት።

የማኅበሩ ቤት አሁን ተከፍቷል። ሥራ ሲበዛባቸው ጎረቤታችን ቀሚሶቹን በፌስታል አድርጋ ታመጣልኛለች፤ ጥልፉን በረንዳው ላይ ሠርቼ እመልሳለሁ። እዚያ ግድግዳው ላይ የአባላቱ ማረጋገጫ በተርታ ተሰቅሏል ትለኛለች። አባቴ የእኔን ወረቀት ወደ መስታወቱ አልመለሰውም። ባዶው መስታወት አሁንም ከማርያም ሥዕል አጠገብ ነው፤ ማታ መብራት ሲበራ እሱ ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ፣ እኔም ክር ሳጠነጥንለት በውስጡ እንታያለን።