የይቅርታ ደብዳቤዬ ክስ ሆኖ ሲነበብ

ጭሮ ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ተርጓሚ እስከ ዛሬ ሰላም አይለኝም። እኔም አልለውም።

ገለምሶ የሚኖረውን የልጄን አማት ሰው ፊት ሰድቤው ነበር። እሱም ልጄ ወደ እኔ ዝር እንዳትል ከለከላት። ይቅርታዬን በአማርኛ አስጻፍኩ። እሱ ቤት የሚነበበው ግን ኦሮምኛ ስለሆነ፣ ወረቀቱን ተርጓሚው ፊት ጣል አድርጌ «ወደ ኦሮምኛ ተርጉም» አልኩት። ሌላ ነገር አልነገርኩትም፤ እሱም አልጠየቀኝም። ሲተረጉም የሚውለው የክስ ወረቀት ነውና የእኔንም እንደዚያው አደረገው።

አማቷ ሽማግሌ ሰብስቦ አስነበበው። ወዲያው ደወለልኝ።

«አመልካች፣ ተጠሪ እያልክ ከሰስከኝ? ልጅህን አታያትም!»

ሄጄ ተርጓሚው ላይ ጮኽኩበት።

«አባባ፣ ለማን እንደሆነ ነግረውኛል?» አለኝ።

«ጠይቀኸኛል?»

ተናዶ እስክሪብቶ አነሳ። «እሺ፣ ልጠይቅዎት። ማን ነው የሚሰማው? ብቻውን ነው ወይስ ሰው ፊት? አንተ ልበለው ወይስ አንቱ? የቢሮ ኦሮምኛ ይሁን ወይስ የዚሁ የሐረርጌ?»

«ሽማግሌ ፊት ይነበባል። እዚህ ገበያ ላይ እንደምንናገረው ጻፈው።» አንቱ የሚለው ግን ከአፌ አልወጣ አለኝ። ቆይቼ «አንቱ በለው» አልኩ።

አዲሱን ደብዳቤ በላክሁ በሦስተኛው ቀን አማቷ ደወለ። «ይሄንን ማን ጻፈልህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ውሸታም! አንተ እኔን አንቱ ብለኸኝ ታውቃለህ? ልጅህ ቅዳሜ ትመጣለች። አንተ ግን ደጄን እንዳትረግጥ።»