ቅማል የማይደፍረው የወይዘሮ ሰርካዲስ ቤት

የድሬ ሕዝብ ሆይ ስማ፤ የባቡር ትኬት ተቆጣጣሪው ባለቤት ወይዘሮ ሰርካዲስ ከቤታቸው ቅማል እንዳይደርስ አውጀዋል። ልጃቸው የሺአረግ ራሷን ስታክ ግን ከጆሮዋ ጀርባ፣ ከፀጉሯ ሥር ተጣብቆ ቢያራግፉት የማይወድቅ ቅጫም አገኙ። ጥፋቱን በጎረቤት ልጅ በፋርቱን ላይ ጥለው «ሁለተኛ እዚህ እንዳትደርሺ» ብለው አባረሯት።

ከዚያ የልጃቸውን ፀጉር እያረጠቡ በየጥቂት ቀኑ በጥቅጥቅ ሚዶ አበጠሩ፤ ሻሹንና አንሶላውን ቀቀሉ። ቅማሉ ግን ተመልሶ መጣ።

«እማዬ፣ የምንተኛው አብረን ነው፤ ያንቺንስ ራስ ማን አየው?» አለች የሺአረግ።

እናቷን ስታበጥር ሚዶው ላይ ቅማል ተራመደ። ወይዘሮዋ አንገታቸውን ደፉ። እናትና ልጅ ራሳቸው እስኪጠራ አብረው ተበጠሩ።

ዛሬ ወይዘሮ ሰርካዲስ ከፋርቱን ደጃፍ ቆመዋል፤ «ይቅር በይኝ» ለማለት አፋቸው አልታዘዝ ብሏል። አንባቢ ሆይ፣ አንተም የሰው ልጅ አባርረህ እንደሆነ ና አብረን እናንኳኳ፤ በቅድሚያ ግን እስቲ የራስህን ራስ…