ደረጃው ያሸንፋታል

ሰው እንግሊዝኛ ሲሳሳት መሳቅ እወድ ነበር። ልደብቀው አልችልም፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እንግሊዝኛ ያስተማረ ሰው ወይ ያለቅሳል ወይ ይስቃል፣ እኔ መሳቁን መረጥኩ። ጡረታ ስወጣ ልደታ ኮንዶሚኒየሙ ሥር አንዲት ጠባብ ሱቅ ተከራይቼ የትርጉም ቤት ከፈትኩ። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የማይመጣልኝ ነገር የለም። አንዳንዱ ደንበኛ ደግሞ «ቲቸር፣ እንግሊዝኛውን ራሴ ሞክሬዋለሁ፤ እርስዎ ብቻ ያስተካክሉልኝ» ይላል። እኔ የምጠብቀው እሱን ነበር።

መሳቢያዬ ውስጥ አንዲት ሰማያዊ ደብተር ነበረችኝ። ሽፋኗ ላይ «መሳቂያ» ብዬ ጽፌባታለሁ። ከአማርኛ ቃል በቃል የተገለበጠ እንግሊዝኛ ባገኘሁ ቁጥር እዚያ እገለብጣለሁ። ጨጓራው የተነሳበት ሰውዬ «ማይ ጋስትሪክ ስቱድ አፕ ኦን ሚ» ብሎ ለመሥሪያ ቤቱ ጽፏል። እንቅልፍ እምቢ ያለው ዘበኛ «ስሊፕ ሴድ ኖ ቱ ሚ» ብሏል። አባቷ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይሠራ የነበረ ልጅ፣ ፋብሪካ የጣሊያን ቃል መሆኑን ማን ይነግራታል፣ «ማይ ፋዘር ወርክድ ኢን ኤ ፋብሪክ» አለች፤ አባትየው እንግዲህ ሃያ ዓመት ሙሉ ጨርቅ ውስጥ ሠርቷል ማለት ነው! ምሳ ሰዓት ላይ ከጎረቤቴ ጋር፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ካላት ሴትዮ ጋር፣ በር ላይ ተቀምጠን አነብላታለሁ። እንባችን እስኪፈስ እንስቃለን።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አንዲት ሴት መጣች። አርባ ቢሆናት ነው። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ክርና ቁልፍ፣ ዚፕና ላስቲክ የምትሸጥ ናት፤ ጣቷ ላይ የቀረ ክር ሳይቀር አየሁ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጇን የልብ ቫልቭ በሽታ ይዟታል። ነገሩ የጀመረው በቶንሲል ነው፤ ከዚያ ጉልበቷን፣ ከዚያ ቁርጭምጭሚቷን እያለ ሲዞር ከርሞ በመጨረሻ ልቧ ላይ አረፈ። የውጭ አገር ቀዶ ሐኪሞች ለሁለት ሳምንት ሊመጡ ነው፤ የሚጠብቀው ልጅ ብዙ፣ ቦታው ትንሽ። የሐኪም ወረቀቱ ተሟልቷል። ከእሱ ጋር ግን ወላጅ የልጁን ውሎ በእንግሊዝኛ ጽፎ እንዲያያይዝ ቅጹ ይጠይቃል።

«አሥረኛ ክፍል ድረስ ተምሬአለሁ» አለችና ሁለት ገጽ ወረቀት ዘረጋችልኝ። «ሦስት ቀን ፈጀብኝ ቲቸር። ያስተካክሉልኝ።»

ቅጹ ላይ «በራስዎ ቃል» የሚል ነበረ። አንብቤዋለሁ። ሁሉም ቅጽ የሆነ ነገር ይላል ብዬ አለፍኩት።

ወረቀቱን ሳነብ ከንፈሬን ነከስኩ። «ዘ ስቴርስ ዊን ሄር» ይላል፤ ደረጃው ያሸንፋታል። «ሄር ብሬዝ ካትስ ሄር»፤ ትንፋሿ ይቆርጣታል። «ስዌት ባፕታይዝስ ሄር»፤ ላብ ያጠምቃታል። «ዊ ሊቭ ኢን ዋን ክላስ»፤ አንድ ክላስ ቤት ውስጥ ነው የሚኖሩት። እዚህ ስደርስ አላስቻለኝም፣ ፈገግ አልኩ። ሴትየዋ አየችኝ። ፊቷ ቀላ፣ ነጠላዋን ወደ አገጯ ሳበች።

«ያስቃል አይደል?» አለችኝ።

«አይ እህቴ፣ እዚህ የሚመጣው ሁሉ እንዲህ ነው» አልኩ፤ ይሄንን ማጽናኛ መስሎኝ። «ይሄን ተዪው። አሁን ሌላ እጽፍልሻለሁ።»

ጻፍኩላትም። እንዴት ያለ እንግሊዝኛ! «ልጄ ከፍተኛ የትንፋሽ እጥረትና የድካም ስሜት ይታይባታል፤ የዕለት ተዕለት እንቅስቃሴዋም በእጅጉ ተገድቧል» የሚል ዓረፍተ ነገር ነበረኝ። ተወልውሎ የተቀመጠ ነው። ከሰፈሩ ለመጡ ሁለት ሌሎች ወላጆች ለእነዚሁ ሐኪሞች ስጽፍ ያንኑ ነበር ያሰፈርኩት፤ ጥሩ ዓረፍተ ነገር ሲገኝ ምን ያስቀይረዋል? ሴትየዋ መርቃኝ ሄደች። የራሷን ወረቀት ከመሄዷ በፊት ቀድዳ ቅርጫት ውስጥ ጣለችው። እኔ ግን አስቀድሜ፣ እሷ ሻይ ልጠጣ ብላ ወጣ ስትል፣ ከላይ እስከ ታች ደብተሬ ላይ ገልብጬው ነበር። እንዲህ ያለ ይገኛል እንዴ!

በሳምንቱ ተመለሰች። ስልኳ ላይ የመጣ መልእክት አሳየችኝ። አነበብኩት፤ ደግሜ አነበብኩት። ሰዎቹ በትህትና ነው የጻፉት። በአንድ ወር ውስጥ ከሦስት የተለያዩ ቤተሰቦች አንድ ዓይነት ቃላት ያሉበት ደብዳቤ ደርሶናል ይላሉ። የሐኪም ወረቀት ስለ ልብ ይነግረናል፤ ደብዳቤው ስለ ልጅቷ እንዲነግረን ነበር የፈለግነው፣ አሁን ግን የማንኛዋ ልጅ እንደሆነ መለየት አልቻልንም። እስከ ዓርብ እናትየዋ በራሷ ቃል ካልጻፈች ማመልከቻውን ለማየት እንቸገራለን።

ቀኑ ረቡዕ ነው።

«ምን ይላል ቲቸር? ተቀበሏት?»

ወይ ጉዴ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር። መዋሸት አማረኝ፤ ኢንተርኔቱ ነው፣ ሰዎቹ ናቸው፣ ቅጹ ነው ልል አፌ ድረስ መጣ። ዓይኗን ሳየው አቃተኝ።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። «ያንቺን ልጅ ትቼ የሰው ሁሉ ልጅ አድርጌ ጻፍኳት። ያንቺን ጽሑፍ ነው የሚፈልጉት።»

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ወንበሩ ላይ ቁጭ አለችና ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠኋት። አሥር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ፤ የጻፈችው አንድ መስመር ነው፤ እሱም የእኔው፣ «ከፍተኛ የትንፋሽ እጥረት» የሚለው።

«የእርስዎን ካየሁ በኋላ የራሴ ጠፋኝ» አለች። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «የኔው እኮ ትክክል አይደለም። ምን ብዬ ልጻፈው?»

አንጀቴን በላችው። መሳቢያውን ከፈትኩ። የእሷ ጽሑፍ ያለው እዚያችው ሰማያዊ ደብተር ውስጥ ነው። ገጿን ገንጥዬ ብሰጣት ሽፋኑን አታየውም ነበር፤ አስቤዋለሁም። ግን ያን ቀን «ያስቃል አይደል?» ስትለኝ «አይ» ብዬ አንዴ ዋሽቼያታለሁ፣ ሁለተኛ መዋሸት አልሆንልህ አለኝ። እንዳለች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት።

«መሳቂያ» የሚለውን አነበበች። ከዚያ ገለጠች። የጨጓራውን ሰውዬ፣ የዘበኛውን፣ የፋብሪካውን፣ እያንዳንዱን ቀስ ብላ በጣቷ እየተከተለች አነበበች። አንዱም ላይ አልሳቀችም። የራሷ ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ቀድጄው ነበር» አለች። «እርስዎ አስቀምጠውልኛል።»

በልደታ ማርያም፣ ብትሰድበኝ እንዲህ አያመኝም ነበር። «ለመሳቅ ነው ያስቀመጥኩት» አልኳት። «ይቅር በዪኝ።»

አፍንጫዋን ጠራረገችና «ዓርብ እኮ ደረሰ» አለችኝ። «እንጀምር።»

ጎን ለጎን ተቀምጠን ሠራን። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ተጠንቅቄ አላረምኩም። እያንዳንዱ መስመር ላይ አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ፤ ይሄን የሚያነብ ፈረንጅ ይሳሳታል ወይስ ይገረማል? የሚገረም ከሆነ ይገረም፣ አልነካውም። ደረጃው ያሸንፋታል፤ ይገረም፣ ይገባዋልም። ላብ ያጠምቃታል፤ ይሁን። የሚሳሳት ከሆነ ግን እዚያ ላይ ምሕረት የለም። «ዋን ክላስ» ብላ ብትልክ የሚኖሩት ትምህርት ቤት ውስጥ ይመስለዋል፤ እኛ ክፍሉን ክላስ ብንለውም እነሱ «ሩም» ነው የሚሉት። ከትምህርት ቤት ትቀራለች ለማለት «ሺ ሪሜይንስ ፍሮም ስኩል» ብላለች፤ «ሪሜይን» ያለ ሰው እዚያው ተቀምጣ የቀረች ያስመስላታል፣ ነገሩ ግልባጩ ነው፤ «ሚስስ» አደረግነው።

ከዚያ ደግሞ «ኤቭሪ ናይት አይ ሲ ሄር ሊፕስ ዊዝ ባትሪ» የሚል መስመር መጣ። መጀመሪያ ስገለብጠው በጣም ያሳቀኝ ይሄ ነበር፤ ከንፈር በባትሪ ድንጋይ!

«ይሄ ምን ማለትሽ ነው?» አልኳት። ከሳምንት በፊት ልጠይቃት የሚገባኝ ነበር።

«ተኝታ ሳለ በባትሪ አብርቼ ከንፈሯን አያለሁ» አለች። «ከጠቆረ ትራስ እጨምርላትና ቀና አደርጋታለሁ። መብራቱን ካበራሁት ትነቃለች። ከነቃች ደግሞ ‹ደህና ነኝ እማ› ትለኛለች፣ ደህና ሳትሆን።»

«ባትሪ» የሚለውን «ቶርች» ብዬ ለወጥኩ። ሌላውን አልነካሁም። መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁ፤ እሷም ያላየች መስላ ወደ በሩ ዞረች።

የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፤ የሰፈሩ ልጆች ገመድ ሲዘሉ እሷ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ትቆጥርላቸዋለች፣ ቁጥር አይሳሳትባትም። እሱ ላይ አንድም ነጥብ አልጨመርኩም።

ሐሙስ ላክነው። በሚቀጥለው ሳምንት የልጅቷ ስም ዝርዝሩ ውስጥ ገባ። ከእኔ እጅ የወጡት የሌሎቹ የሁለቱ ቤተሰቦች ነገር ዕረፍት ነሳኝ፤ ስልካቸውን ፈልጌ ጠራኋቸውና አንድ በአንድ አስቀምጬ ከአፋቸው ሰምቼ እንደገና ጻፍን። አንደኛው ወዲያው ገባ፤ ሌላኛው ለሚቀጥለው ዙር ይጠብቃል።

ጎረቤቴ «ደብተሯስ? ዛሬ አታነብልኝም?» አለችኝ አንድ ቀን። አነበብኩላት። የዘበኛውን፣ እንቅልፍ እምቢ ያለውን። «ሚስኪን» አለች።

ልጅቷ ቀዶ ጥገናው ከተደረገላት ከብዙ ወር በኋላ፣ ሐኪሙ ቀስ እያለች መንቀሳቀስ ትችላለች ካላት ወዲያ፣ እናቷ ይዛት መጣች። ቀጭን፣ ዓይኗ ብልጥ የሆነች ልጅ ናት። የእጇ ቦርሳ ውስጥ ገመድ ይዛለች።

«ቲቸር፣ አሥር ተፈቅዶልኛል» አለችኝ። «ይቁጠሩልኝ።»

ሱቄ ፊት ለፊት፣ ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ ቆመች። እናቷ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ግድግዳውን ተደግፋለች። ልጅቷ መዝለል ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ዓይኔ ወደ እናቷ ፊት ሄደ። ስድስት፣ ሰባት፣ ዘጠኝ።

ቀጥ ብላ ቆመችና ገመዷን ያዘች።

«ቲቸር! ስምንትን ዘለሉት እኮ!»

«አዎ፣ ተሳሳትኩ» አልኳት። «እኔ መሳቅ ትቻለሁ፣ አንቺም አትሳቂብኝ። ያ ስምንት ነበር፤ ከዘጠኝ ቀጥዪ።»