ወረቀት ያስቀሩት ኃላፊ

ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ» የሚላት የኢንተርኔት ቤታችን ባለቤት፣ የመኪና ፈቃድ ሊያሳድስ የመጣን ሰው ወዲያው ኮምፒውተር ፊት አታስቀምጥም። የሚሞላውን ሁሉ አስቀድሞ ጽፎ እንዲያዘጋጅ መጀመሪያ ወረቀትና እስክሪብቶ ትሰጠዋለች። ማመልከቻው በመሥሪያ ቤቱ የኢንተርኔት ፖርታል ብቻ ይሁን ከተባለ ወዲህ ወረቀት የምትገዛው በካርቶን ነው። ምን ታድርግ? ያ ጉደኛ ፖርታል ትንሽ ቆም ብለህ ካሰብክ «ጊዜዎ አልቋል» ብሎ ያባርርሃል። ፎቶህ ከበደኝ ካለ ደግሞ የሞላኸውን ሁሉ ጠራርጎ ያጠፋዋል።

ፖርታሉን በቴሌቪዥን ያስመረቁት ኃላፊ ትናንት ራሳቸው የመኪናቸውን ፈቃድ ሊያሳድሱ መጡ፤ የቢሯቸው ኔትወርክ ተቋርጦባቸው ነው። እትዬ ወረቀት ዘረጋችላቸው።

«እኛ እኮ ወረቀት አስቀርተናል!» ብለው ሳቁባት።

በሁለት ጣታቸው እየለቀሙ እስከ አያታቸው ስም ሞሉ። በስልካቸው ያነሱትን ፎቶ ሲጭኑ «ፋይሉ ከተፈቀደው መጠን በላይ ነው» አለና ገጹ ባዶውን ቀረ። እትዬ ፎቶውን አሳነሰችላቸውና እንደ አዲስ ሞሉ። የመኪናቸውን የሻንሲ ቁጥር ከሚስታቸው በስልክ ጠይቀው ሲመለሱ ግን «ጊዜዎ አልቋል» ተባሉ።

ላባቸውን ጠርገው እጃቸውን ዘረጉ። «እስቲ አንድ ወረቀት ስጪኝ።»

«የቱን ጌታዬ?» አለች እትዬ። «ያስቀሩትን?»