ስልሳ ግራም ለአባቴ

አባቴ የወደቀው የጓሮውን ቆርቆሮ ሊያጠብቅ መሰላል ላይ ወጥቶ ነው። ዳሌው ተሰበረ። ሆስፒታል ታክሞ ወደ ሰበታ ሲመለስ ክፉው ያለፈ መስሎን ነበር። የጎዳው ግን ከዚያ በኋላ ያለው መተኛት ነው። ወገቡ ስር፣ አጥንቱ ፍራሹን የሚጫንበት ቦታ መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ ተላጠ፣ ከዚያ ጎደጎደ።

ከጤና ጣቢያ እየመጣች ቁስሉን የምታጥበው ነርስ አንድ ቀን ጓንቷን እያወለቀች ወደ እኔ ዞረች።

"እኔ ከውጭ አጸዳለሁ። የሚዘጋው ግን ከውስጥ ነው። ፕሮቲን ካላገኘ ስጋው አይሞላም። ለእሳቸው ክብደት በቀን ወደ ስልሳ ግራም ያስፈልጋል። ስልሳ ግራም ምግብ አላልኩም፤ ምግቡ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ብቻ ተለይቶ ስልሳ። እንቁላል ስጧቸው፣ ወተት ስጧቸው።"

"ሲስተር፣ ሁዳዴ ነው እኮ" አለ አባቴ፣ ፊቱን ከግድግዳው ሳያዞር።

የነፍስ አባቱ መጥተው ለታመመ ጾም እንደማይጸና ነገሩት። መስቀላቸውን ስሞ አመሰገናቸው። ሲወጡ ግን፣ "እናትህ ሞት አፋፍ ላይ ሆና ያልገደፈችውን እኔ በወገብ ቁስል ልግደፍ?" አለኝ። ከዚያ በኋላ ማንም ስለ እንቁላል አላነሳም። እስከ ፋሲካ ድረስ ስልሳውን ከጥራጥሬና ከቅባት እህል ማግኘት ነበረብን፤ ያውም ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል አይቀምስም።

እኔ ባልትና ቤት ነው የምሠራው። ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ እየመዘንኩ አሽጋለሁ። ትምህርቴ አሥረኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ የቀረውን ከዕቃ መጠቅለያና ከስልክ እያነበብኩ ነው የለቀምኩት። ስለዚህ ነርሷ የተናገረችው ለእኔ የማይጨበጥ ነገር አልነበረም። አንድ ሰው በእንጀራው ላይ የሚወጣለት ሽሮ ከአርባ ግራም ዱቄት አይበልጥም። ያ ስምንት ግራም ያህል ፕሮቲን ነው። አንድ ጭልፋ የምስር ወጥ፣ ጥሬው ሃምሳ ግራም ከሆነ፣ አሥራ ሁለት። አንድ እፍኝ የተቆላ ኦቾሎኒ ሰባት ወይም ስምንት። እንጀራውም የራሱን ጥቂት ይጨምራል። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ሁለት ጊዜ ሁሉንም ቢበላ ስልሳው ይሞላል።

ሁሉንም ቢበላ።

እህቴ ከቡራዩ መጥታ ከእኛ ጋር ሰነበተች። ታላቄ ናት፤ እናታችን ከሞተች ጀምሮ የቤቱን ነገር ከሩቅ ሆና የምትመራው እሷ ናት። ከሚኒባስ ስትወርድ አንድ ከረጢት ተልባ በክንዷ አቅፋ ነበር።

"አገኘሁልህ" አለችኝ ገና በሩ ላይ። ስልኳን አወጣች። "እይ፣ የበሰለ ምስር በመቶ ግራም ዘጠኝ። ተልባ በመቶ ግራም አሥራ ስምንት። እጥፍ! እኛ ዝም ብለን ምስር እንቀቅላለን።"

ተልባውን ቆልታ፣ ወቅጣ፣ በውሃ በጥብጣ፣ አጥልላ በብርጭቆ አቀረበችለት። አባቴ አንዱን ብርጭቆ ጨርሶ ሌላ ጠየቀ። ከወደቀ ወዲህ እንደዚያ ጠጥቶ አያውቅም።

"አየህ?" አለችኝ፣ ዓይኗ በርቶ።

በማግስቱ ተልባው ከመበጥበጡ በፊት ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። ለአንድ ብርጭቆ የምትጨምረው ሁለት ማንኪያ ነው፤ ሃያ ግራም። በውስጡ ያለው ፕሮቲን አራት ግራም አይሞላም፤ ስታጠልለው ደግሞ ከገለባው ጋር የሚቀር አለ። መቶ ግራም ተልባ ማለት አምስት ብርጭቆ ነው። ምስሩ ዘጠኝ የሆነው ከግማሹ በላይ ውሃ ስለሆነ ነው፤ እንዲያም ሆኖ ሰው አንድ ጭልፋ ምስር ሳይከብደው ይበላል። ሁለት ብርጭቆ ተልባ የጠጣ ሆድ ግን ለወጥ ቦታ የለውም። አባቴ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተልባውን ይጠጣል፤ እንጀራው ሲቀርብለት ሁለት ጉርሻ ወስዶ "ጠገብኩ" ይላል።

ይህን ማድቤት ውስጥ ነገርኳት። ረጅም ንግግር አላውቅበትም፤ ቁጥሮቹን ብቻ አስቀመጥኩላት።

"እትዬ፣ በመቶ አይበላም። በሚበላው መጠን ነው ማወዳደር።"

ማማሰያውን ድስቱ ላይ አስቀመጠች። "ታዲያ ምን ልስጠው? አንተ የምትሰጠውን ይበላል? ከእጄ የወሰደው እሱን ብቻ ነው።"

"ይጠጣው። ከምግብ በኋላ ይሁን።"

"አንተ ሰው የምትወደው በሚዛን ነው።"

አባቴ ከውስጥ ሰምቶ ኖሮ፣ "ምን ሆናችሁ?" አለ። "ልጄ፣ እሱን ተይው። ባልትና ቤት ከገባ ወዲህ እኔንም በኪሎ ሊሸጠኝ ነው የሚያየኝ።"

"የሚገዛ ቢገኝ አይደል አባባ!" አለች እህቴ፣ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች። ሦስታችንም ሳቅን። ተልባው ከምግብ በኋላ ሆነ።

ከዚያ በኋላ አብረን ነው የሠራነው። እህቴ ስልኩን ታነባለች፤ እኔ እመዝናለሁ። ሰሊጥ አሰበች፤ አንድ ማንኪያ ሰሊጥ ሁለት ግራም አይሞላም። የዱባ ፍሬ አሰበች፤ ያ ጥሩ ነበር፣ የተፈለፈለ እፍኝ ዘጠኝ ግራም ይሰጣል፤ ግን የአባቴ ጥርስ አልቻለውም። ፈጭተን ሽሮው ውስጥ ጨመርነው። ከተጂ ለሱቃችን ሽምብራ የሚያመጡት ገበሬ፣ ኦቦ እያልን የምንጠራቸው፣ አባቴን ሊጠይቁ ሲመጡ እህቴ ስለ ጓያ ጠየቀቻቸው። ስልኳ ከሽምብራ ይበልጣል ብሏታል።

"ዋቆ! አምላኬ!" አሉ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው። "ጓያ ሲዘወተር እኮ እግር ይይዛል። አባትሽ አንዱ እግሩ ተሰብሮበታል፤ የቀረውን ልትወስጂበት ነው?" ከዚያ ወደ አባቴ ዞረው፣ "አካም ጂርቱ፣ ወንድሜ? ልጆችህ እንደ በሬ ሊያደልቡህ ነው" አሉት።

"ለፋሲካ ሊያርዱኝ ነዋ" አላቸው።

አንድ ጠዋት እህቴ ለማንም ሳትናገር ወጥታ ከሰዓት በኋላ ተመለሰች። ሱሉልታ ሄዳ ኖሯል። እዚያ ለሯጮች የምጥን ዱቄት የምታዘጋጅ ሴት አለች፤ አኩሪ አተር፣ ኦቾሎኒና ገብስ ተቆልቶ አብሮ የተፈጨ። ዱቄቱን አሸተትኩት፤ ንጹሕ ነበር። አኩሪ አተር ከጥራጥሬ ሁሉ ይበልጣል፤ ሠላሳ ግራሙ ብቻውን አሥር ግራም ያልፋል።

"ሯጮቹ ከልምምድ ሲመለሱ በዚህ ኩባያ ሙሉ ነው የሚጠጡት አለችኝ" አለች፣ ትልቁን የጣሳ ኩባያ ከመደርደሪያ እያወረደች። "አንድ ኩባያ ለአባባ። አንድ ብቻ። ከሃያ በላይ አይሆንም?"

"ይሆናል" አልኳት። እውነት ነበር፤ ኩባያው ሙሉ ከተጠጣ።

በቀጭኑ አበሰለችው፣ ትንሽ ስኳር ጨመረች፣ ትራሱን አስተካክላ በማንኪያ ትሰጠው ጀመር። ሦስተኛው ማንኪያ ላይ አፉን ዘጋ።

"አባባ፣ አንድ ብቻ ይጨምሩ።"

"ልጄ፣ ይህ ለሚሮጥ ሰው ነው።"

"እርስዎም ይሮጣሉ። ቁስሉ ይድናል፣ ይሮጣሉ።"

አባቴ አያት። ከዚያ ለእሷ ሲል አፉን ከፈተ፤ ዋጠ፤ ወዲያው መለሰው። እህቴ በፎጣ እየጠረገችው "ይቅርታ አባባ፣ ይቅርታ" ትላለች። እኔ ኩባያውን ይዤ ቆሜ ነበር። የተነካ አይመስልም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ ሳስታውስ የማየው ማንኪያ ነው። የሰው ድርሻ ስንት ነው ብዬ ያሰላሁት ጤነኛ ሰውን እያየሁ ነው። የአባቴ ድርሻ በየሳምንቱ ያንስ ነበር። ጭልፋው ግማሽ ጭልፋ ሆነ፤ እፍኙ ጣት ላይ የሚያዝ ቁንጥር ሆነ። የምንጨምረውን ሁሉ ብናጠነክረውም የሚዋጠው ይቀንሳል። በየሁለት ሰዓቱ እናገላብጠዋለን፤ እህቴ እግሩን፣ እኔ ትከሻውን። በየጊዜው ለእጄ እየቀለለ ይሄድ ነበር። ነርሷ ቁስሉን ስትከፍት ፊቷን አያለሁ።

ማታ ማታ እህቴ ሳህኑን እያጠበች ትጠይቀኛለች፣ "ዛሬ ስንት ደረሰ?"

እነግራታለሁ። ሠላሳ ያልኩባቸው ቀናት ነበሩ። ከዚያ ሃያ። አንድ ቀን "አሥር አካባቢ" ስላት የምታጥበውን ትታ ወጣች፤ የቧንቧውን ውሃ እኔ ዘጋሁት።

ለፋሲካ እህቴ እንቁላል ገዛች። ለእኛ ዶሮ አልሠራችም፤ ሌሊት ከቅዳሴ ስትመለስ አንድ እንቁላል ቀቀለች፣ አድቅቃ በቅቤ አለዘበችው። አንድ እንቁላል ስድስት ግራም ነው። አባቴ ጾሙን ጨርሶ ነበር፤ አሁን የሚከለክለው ነገር የለም። "እንኳን አደረስዎ" ብላ ለከንፈሩ አስጠጋችለት። ቀመሰ። በምላሱ ይዞት ቆየ። መዋጥ አልቻለም፤ በጣቷ አወጣችለት።

"ጣፋጭ ነው" አላት።

ነርሷ በማግስቱ መጥታ ሆስፒታል እንድንወስደው ነገረችን፤ ኢንፌክሽኑ ከቁስሉ ወደ ደሙ ገብቶ ትኩሳት ይዞታል። ወሰድነው። ከዳግም ትንሣኤ በፊት ቀበርነው።

ከቀብር ስንመለስ ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሞልቶ ነበር። የእድሩ ሴቶች ንፍሮ በሰፌድ እያዞሩ ለሰው ሁሉ በእፍኝ ይሰጣሉ፤ ስንዴና ሽምብራ ነው። እህቴ አጠገቤ ፍራሹ ላይ ተቀምጣለች። ነጠላዋን ዘቅዝቃለች፤ ድምፅዋ ከልቅሶ ብዛት ጠፍቷል። የደረሳትን በሁለት እጇ ተቀብላ ለረጅም ጊዜ አየችው።

"ይሄስ ስንት ነው?" አለችኝ በሹክሹክታ።

"እትዬ፣ ተይው።"

"ንገረኝ።"

እጇን አየሁ። ውሃ የጠጣ ንፍሮ ነው፤ የሚበዛው ስንዴ።

"አራት ግራም ቢሆን ነው።"

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ አንዷን ሽምብራ ለይታ አፏ ውስጥ ጨመረች፤ አኘከች፤ ዋጠች። ሌላ ጨመረች። እያለቀሰች፣ አንድ በአንድ፣ እጇ ባዶ እስኪሆን ድረስ በላች።